ቁጥሩ ምንጩ ውስጥ አለ፤ ዓረፍተ ነገሩስ?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ለሰፊው አንባቢ የተዘጋጀ አንድ ረዘም ያለ የጤና ጽሑፍ በማረም ላይ ነኝ። ርእሰ ጉዳዩ ኦፒዮይድ የሚባሉት፣ ከሞርፊን ወገን የሆኑት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። በመካከሉ አንድ ዓረፍተ ነገር አላሳልፍ ብሎኛል። እነዚህን መድኃኒቶች በሐኪም ትእዛዝ ከሚወስዱ ሕሙማን መካከል ሱስ የሚይዛቸው ከ1 በመቶ በታች መሆናቸው በጥናት ተረጋግጧል ይላል። ዋቢ ያደረገው ፖርተር እና ጂክ እ.ኤ.አ. በ1980 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን፣ ቅጽ 302፣ ገጽ 123 ላይ ያወጡትን ጽሑፍ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶችም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምንጩን ፈልጌ አነበብኩት። ቁጥሮቹ እዚያው አሉ፤ መድኃኒቱ የተሰጣቸው 11,882፣ ሱስ የተመዘገበባቸው 4። ማንም ቢያካፍለው ከ1 በመቶ እጅግ ያነሰ ያገኛል። ይሁን እንጂ ምንጩንና ዓረፍተ ነገሩን ጎን ለጎን ሳነብባቸው ስለ አንድ ነገር የሚናገሩ አልመሰለኝም። ቁጥሩ ምንጩ ውስጥ መኖሩ ዓረፍተ ነገሩን ለማሳለፍ ይበቃል? ካልበቃ፣ ሁለቱ የሚለያዩት በትክክል የት ላይ ነው?

ውይይቱ ስለረዘመና ምላሾቹ እርስ በርስ ስለተጠላለፉ፣ በኋላ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች የተባለውን በተራ ቁጥሩ እየጠራሁ በራሴ አነጋገር አስፍሬዋለሁ።

ምላሽ 1. የመጀመሪያው ተሳታፊ ጥያቄዬን በሌላ መንገድ ተረዳው። ዋቢው እንዴት መጻፍ እንዳለበት የጠየቅሁ መስሎት የጸሐፊዎቹ ስም እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ዓመቱ የት እንደሚገባ፣ ከቅጽ ቁጥሩ ቀጥሎ ምን ሥርዓተ ነጥብ እንደሚመጣ በትዕግሥት ዘረዘረልኝ። ያለው ሁሉ ትክክል ነው። አመስግኜው ጥያቄዬን ደገምኩ።

ምላሽ 2. ኦዲተር መሆኑን የገለጸ ሰው ነገሩን በአጭሩ ቆረጠው። 4 ለ11,882 ሲካፈል ወደ 0.03 በመቶ ይመጣል፤ ዓረፍተ ነገሩ ከ1 በመቶ በታች ይላል፤ 0.03 ደግሞ ከ1 በታች ነው። አራሚ የሚያመሳክረው ይህንኑ እንደሆነ፣ የቀረው የሐኪሞች ክርክር እንደሆነ ጻፈ። እንዲያውም ዓረፍተ ነገሩ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ስለወሰደ ጥንቃቄ እንዳሳየ ሊቆጠርለት ይገባል አለ።

ምላሽ 3. ለብዙ ዓመታት በሕክምና ቤተ መጻሕፍት ያገለገለች ሴት ገባች። ከዚህ በኋላ ውይይቱን የመራችው እርሷ ናት ማለት ይቻላል። ምንጩን ከመክፈቷ በፊት ዋቢውን ራሱን እንደምታነብብ ነገረችን። ዋቢው ገጽ 123 ይላል እንጂ ከ123 እስከ ስንት እንደሆነ አይልም። ከአሥር ሺህ በላይ ሕሙማንን ተከታትሎ ዘዴውን፣ ውጤቱንና ጉድለቱን የሚያስረዳ ጥናት በአንድ ገጽ አያልቅም። ስለዚህ ይህ ነገር ጥናታዊ ጽሑፍ ላይሆን ይችላል የሚለው ጥርጣሬ ገና ከዋቢው ላይ ይነሣል። ምንጩ ሲከፈትም ጥርጣሬው እውነት ሆኖ ይገኛል። በጃንዋሪ 1980 ለመጽሔቱ አዘጋጅ የተላከ፣ አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያለው የአንድ አንቀጽ ደብዳቤ ነው።

ከዚያም አምስቱን አንድ በአንድ አፍታታቻቸው። የመጀመሪያው ጸሐፊዎቹ መዝገባቸውን እንደመረመሩና በመዝገቡ ውስጥ ሆስፒታል ተኝተው የታከሙ፣ በተከታታይ ክትትል የተደረገባቸው 39,946 ሕሙማን እንዳሉ ይናገራል። ሁለተኛው ከእነዚህ መካከል 11,882ቱ ቢያንስ አንድ ናርኮቲክ፣ ማለትም ኦፒዮይድ፣ መድኃኒት እንደተሰጣቸው፣ ቀድሞ የሱስ ታሪክ በሌላቸው ሕሙማን ላይ በአግባቡ የተመዘገበ ሱስ የተገኘው ግን 4 ጊዜ ብቻ እንደሆነ ይገልጻል። ሦስተኛው ከአራቱ ከባድ የተባለው አንዱ ብቻ እንደነበረ፣ አራተኛው የትኞቹ መድኃኒቶች እንደነበሩ ይጠቅሳሉ። አምስተኛው መደምደሚያው ነው፤ ናርኮቲክ በሆስፒታሎች በስፋት ቢሰጥም የሱስ ታሪክ በሌላቸው ሕሙማን ላይ ሱስ የሚፈጠረው ከስንት አንድ ጊዜ ነው ይላል። ከዚህ ሌላ ቃል የለም።

እንግዲህ መደምደሚያው ውስጥ ሁለት ድንበሮች አሉ አለች፤ በሆስፒታሎች የሚለውና የሱስ ታሪክ በሌላቸው የሚለው። ሁለቱንም ያሠመሩት ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ናቸው። እኔ የማርመው ዓረፍተ ነገር ሁለቱንም ጥሎ በሐኪም ትእዛዝ የሚወስድን ሰው ሁሉ አስገብቷል። ቤቱ ተቀምጦ ለወራት ወይም ለዓመታት የሚወስደው ሰው በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንድም ቦታ የለም።

የጠየቅሁትን በትክክል የመለሰልኝ ይህ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ቁጥሩን አልዋሸም፤ ቁጥሩ የማን እንደሆነ ግን ለውጧል።

ምላሽ 4. የመድኃኒት ባለሙያ የሆነ ወጣት በ3 ላይ ጨመረበት። እርሱ የፈለገው በደብዳቤው ውስጥ የሌለውን ነው። መጠኑ ስንት እንደነበረ የለም። ለስንት ቀን እንደተሰጠ የለም። ቢያንስ አንድ መድኃኒት ማለት አንድ መርፌ ብቻ ተወግቶ በማግስቱ ወደ ቤቱ የሄደውም ሰው ተቆጥሯል ማለት ነው። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ማን ተከታተላቸው ለሚለውም ደብዳቤው አንድ ቃል አይሰጥም። በር ላይ ቆሞ የገቡትን ቆጥሮ፣ ከወጡ በኋላ የት እንደደረሱ ግን እንደማያውቅ ዘበኛ ነው አለ። ሱስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከወጡ በኋላ እንደሆነ አስታወሰ።

ምላሽ 5. ኦዲተሩ ተመለሰ፤ ድምፁ ትንሽ ጠጥሯል። ደብዳቤው አጭር መሆኑ ቁጥሩን ሐሰት አያደርገውም፤ የገጽ ብዛት እየቆጠሩ ምንጭን ማጣጣል የአንባቢ ሥራ አይደለም አለ። 11,882 ሰው ትንሽ ናሙና እንዳልሆነም አሳሰበ።

ምላሽ 6. የቤተ መጻሕፍቷ ባለሙያ ደብዳቤውን ሐሰት እንዳላለች ግልጽ አደረገች። ከዚያ ኦዲተሩን በሙያው ያዘችው። 0.03 በመቶ የሚለው ቁጥር ደብዳቤው ውስጥ የትኛው መስመር ላይ እንዳለ ጠየቀችው። የለም። ደብዳቤው አንድም መቶኛ አይሰጥም፤ ያካፈሉት ጠቃሾቹ ናቸው። ስሌቱም ራሱ ችግር አለበት አለች። ላዕሉ ላይ ያሉት 4 ሰዎች ቀድሞ የሱስ ታሪክ ካልነበራቸው መካከል የመጡ ናቸው፤ ታህቱ ላይ ያሉት 11,882 ግን መድኃኒቱ የተሰጣቸው በሙሉ ናቸው። ከእነርሱ ስንቱ የቀድሞ ታሪክ እንደነበረበት ደብዳቤው አይናገርም። ላዕሉና ታህቱ ከአንድ ቡድን ካልመጡ የሚገኘው መቶኛ የማንም መጠን አይደለም።

ኦዲተሩ ለዚህ ወዲያው አልመለሰም።

ምላሽ 7. የእርሻ ተመራማሪ የሆነች ተሳታፊ የራሷን ጉዳይ አመጣች። ባሳተመችው ጽሑፍ መግቢያ ላይ ቀድሞ ይታመን የነበረን አንድ ሐሳብ ጠቅሳ ነበር፤ የመስክ ሙከራው ግን ሐሳቡን አልደገፈውም፤ ይህንንም በውጤቱና በውይይቱ ክፍል አስፍራለች። በኋላ አንድ ዘገባ የእርሷን ጽሑፍ ዋቢ አድርጎ ያንኑ የመግቢያ ሐሳብ ያገኘችው ውጤት አድርጎ አቀረበው። የገለበጡት ዓረፍተ ነገር በእርግጥ ጽሑፏ ውስጥ ስላለ ለማስተባበል ተቸገረች፤ ለአዘጋጆቹ ጽፋ መልስ አላገኘችም። በምላሿ ውስጥ ቁጣዋ ይታያል፤ ቁጣዋም ተገቢ ይመስለኛል።

ምላሽ 8. የመድኃኒት ባለሙያው ለ7 አዝኖ፣ እርሱ ስለ ራሱ አሠራር ነገራት። አንድ ዋቢ ሲያመሳክር ዓረፍተ ነገሩን ማግኘት አይበቃውም፤ ዓረፍተ ነገሩ በየትኛው ክፍል ውስጥ እንዳለ ያያል። መግቢያው ውስጥ ከሆነ ሐሳቡ የሌላ ሰው ነው፤ ከጎኑ ወዳለው ዋቢ ይሄዳል። ውይይቱ ውስጥ ከሆነ የጸሐፊው ግምት ሊሆን ይችላል። ግኝት ብሎ የሚቀበለው ውጤቱ ክፍል ውስጥ በሠንጠረዥ ወይም በቁጥር ካገኘው ብቻ ነው።

ምላሽ 9. ሌላ ተሳታፊ ይህ ሁሉ ድካም ትርፉ ምን እንደሆነ ጠየቀ። 80 በመቶ የሚሆኑት ተመራማሪዎች የሚጠቅሱትን ጽሑፍ አያነቡም፤ ይህም በጥናት ተረጋግጧል አለ። ምንጩን ስንጠይቀው ሲምኪን እና ሮይቾውድሪ የተባሉ ሁለት ሰዎች በ2003 ያወጡት ሥራ ነው ብሎ ስሙን ሰጠ።

ምላሽ 10. የቤተ መጻሕፍቷ ባለሙያ ሥራውን ታውቀዋለች፤ የሰጠችውን መልስ ሰፋ አድርጌ ላስፍረው። ሁለቱ ሰዎች ተመራማሪዎችን አልጠየቁም፤ ማንበባቸውንም በቀጥታ አልለኩም። የወሰዱት አንድ በጣም የታወቀ የፊዚክስ ጽሑፍን ነው። ጽሑፉ 4,300 ያህል ጊዜ ተጠቅሷል። ከእነዚህ ዋቢዎች ውስጥ 196ቱ የቅጽ፣ የገጽ ወይም የዓመት ስሕተት ነበረባቸው፤ የተለያዩት ስሕተቶች ግን 45 ብቻ ነበሩ። አንድ ዓይነት የገጽ ስሕተት 78 ጊዜ ተደግሟል። ብዙ ሰው፣ እያንዳንዱ በራሱ፣ አንድ ዓይነት ስሕተት አይሠራም፤ ስለዚህ አንዱ ከሌላው ገልብጧል ማለት ነው። ከዚህ ተነሥተው በሒሳብ ሞዴል ምንጩን የሚያነብበው ከጠቃሾቹ ወደ 20 በመቶ ብቻ ነው የሚል ግምት ሰጡ።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው አለች። ዋቢውን ከሌላ ሰው ዝርዝር መገልበጥ ግን ጽሑፉን አለማንበብ ማለት አይደለም። ጽሑፉን አንብቦ ሲያበቃ፣ ቅጹንና ገጹን መጻፍ ስለሰለቸው ብቻ ከባልደረባው ዝርዝር የገለበጠ ሰው ሞዴሉ ውስጥ ካላነበቡት ጋር ይቆጠራል። ስለዚህ የተገኘው ከስሕተት መደጋገም የተወሰደ ግምት ነው እንጂ የተረጋገጠ የንባብ መጠን አይደለም። ከዚያም የ9ን ጸሐፊ ሥራውን ራሱ አንብቦት እንደሆነ ጠየቀችው።

ምላሽ 11. የ9 ጸሐፊ ተቆጣ። ሥራውን በአንድ የዜና ጽሑፍ ውስጥ እንዳገኘው፣ ዋናው ሐሳብ ትክክል እስከሆነ ድረስ ቃል መሰንጠቅ እንደማያስፈልግ፣ በዚህ ውይይት ውስጥ ሰው መናገር የሚችለው ከቤተ መጻሕፍት ፈቃድ ሲያገኝ ብቻ መሆኑን እንዳላወቀ ጻፈ። ሰውየው የተናገረው ከፊሉ እውነት ነው፤ መገልበጥ በስፋት እንዳለ ስሕተቶቹ በግልጽ ያሳያሉ። ነገር ግን ግምቱን ማረጋገጫ ያደረገበት መንገድ እኔ ከማርመው ዓረፍተ ነገር የተለየ አልሆነብኝም፤ ይህንንም በአክብሮት ጻፍኩለት።

ምላሽ 12. አንድ አዲስ ገቢ ይህ የ1980 ደብዳቤ እንዴት እንደተጠቀሰ የተቆጠረ ነገር መኖሩን አስታወሰን። በ2017 ካናዳውያን ተመራማሪዎች በዚያው መጽሔት ላይ ውጤቱን አውጥተዋል። ደብዳቤውን የጠቀሱ 608 ጽሑፎችን አገኙ። ከእነዚህ 439ኙ፣ ማለትም 72.2 በመቶ፣ በኦፒዮይድ በሚታከሙ ሕሙማን ላይ ሱስ ብርቅ ለመሆኑ ማስረጃ አድርገውታል። 491ዱ፣ 80.8 በመቶ፣ በደብዳቤው ውስጥ ያሉት ሕሙማን ሆስፒታል የተኙ መሆናቸውን አልጠቀሱም። በዚያው ሰሞን በመጽሔቱ የወጡ 11 ሌሎች ደብዳቤዎች በመካከለኛ ቁጥር 11 ጊዜ ብቻ እንደተጠቀሱም ለንጽጽር አስፍረዋል። መጽሔቱ ከዚያ በኋላ ከደብዳቤው በላይ ለአንባቢ ማሳሰቢያ አክሎበታል።

ለእኔ ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ይከብዳል። ሱስ ብርቅ ነው ማለት በትክክለኛው ድንበር ውስጥ ሊያከራክር ይችላል፤ ሕሙማኑ ሆስፒታል የተኙ መሆናቸውን መተው ግን ድንበሩን ራሱን ማጥፋት ነው።

ምላሽ 13. የመድኃኒት ባለሙያው በ12 ላይ ተመርኩዞ፣ ምላሽ 2 እንደ ጥንቃቄ የቆጠረውን ነገር አነሣ። ከደብዳቤው የሚወጣው ስሌት 0.03 ከሆነ 1 ከየት መጣ? ማንም ጸሐፊ ከራሱ ምንጭ ያገኘውን አስደናቂ ቁጥር ወደ ሠላሳ እጥፍ አያሳድገውም። 1 በመቶ የሚለው ኦክሲኮንቲን የተባለው መድኃኒት በ1996 በአሜሪካ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ በሽያጭ ሠራተኞችና በማስታወቂያዎች የተሰራጨ አነጋገር ነው። አምራቹ ድርጅት፣ ፐርዱ፣ የመድኃኒቱን የሱስ አደጋ አሳንሶ በማስተዋወቁ በ2007 በፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋተኝነቱን አምኗል፤ ክፍያውም ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። እንግዲህ የምታርመው ጸሐፊ ዓረፍተ ነገሩን ያገኘው ከአንዱ ቦታ ነው፤ ዋቢውን ደግሞ ከሌላ ቦታ አምጥቶ ለጥፎበታል አለኝ። ቁጥሩ ከምንጩ ጋር በሚጋጭ አቅጣጫ ሳይሆን በማይጋጭ አቅጣጫ ሲለይም መጠርጠር እንዳለብኝ ከዚህ ተረዳሁ።

ምላሽ 14. ረጅም ዘመን በሕክምና ያገለገሉ አንድ ሐኪም ገቡ። ደብዳቤው ብቻውን የጥፋት ምንጭ ተደርጎ መወሰዱ አሳዝኗቸዋል። እርሳቸው ሥራ በጀመሩበት ዘመን በካንሰር የሚሞት ሰው፣ ሱስ ይይዘዋል በሚል ፍርሃት፣ ሞርፊን ይከለከል እንደነበረ፣ ሕሙማን በስቃይ ሲጮኹ ማደራቸውን በዓይናቸው እንዳዩ ጻፉ። ለዚያ ጥያቄ፣ ማለትም ሆስፒታል ተኝቶ ለአጭር ጊዜ ለሚታከም ሕመምተኛ፣ ደብዳቤው ጥሩና እውነተኛ መልስ ነበር። ጥፋቱ መልሱ ለሌላ ጥያቄ መሰጠቱ እንደሆነ አሳሰቡ።

ምላሽ 15. ይህንን ተከትሎ የመጣው ምላሽ የውይይቱ መራራ ክፍል ነው። አንድ የቅርብ ዘመዱ የጀርባ ሕመም ታክሞ ከመድኃኒቱ መላቀቅ እንዳቃተው የጻፈ ሰው ሐኪሙን በቀጥታ ወቀሳቸው። አምስት ዓረፍተ ነገር ለማንበብ ጊዜ ያላገኘ ሐኪም ለስንት ሰው ትእዛዝ እንደጻፈ ሊጠየቅ ይገባል፤ ሽማግሌነት ከተጠያቂነት አያድንም አለ። ሁለት ሰዎች አነጋገሩን እንዲያለዝብ ለመኑት፤ ምላሾቻቸው ቁጥር ሳይሰጣቸው ተነሥተዋል።

ምላሽ 16. ሐኪሙ አልተቆጡም። ሐዘኑን እንደሚካፈሉ ገልጸው፣ በዘመናቸው ደብዳቤውን ራሱን ያነበበ ባልደረባ እምብዛም እንዳልገጠማቸው፣ የሰሙት ሁሉ በስብሰባ ላይ ከሚቀርብ ስላይድ እንደነበረ ጻፉ። ስላይዱ ላይ ስምና ዓመት ነበረ፤ ደብዳቤ መሆኑ አልነበረም። ተወቃሹ ማን ነው በሚለው ላይ ግን ሁለቱ አልተስማሙም፤ እስከ መጨረሻውም አልተስማሙም።

ምላሽ 17. አንዲት ተሳታፊ ትክክለኛውን ቁጥር እነሆ አለች። ቮውልስና ባልደረቦቹ በ2015 ባወጡት ሥራ መሠረት ለሥር የሰደደ ሕመም ኦፒዮይድ ከሚወስዱ አራት ሰዎች አንዱ ሱሰኛ ይሆናል፤ ዓረፍተ ነገሩን በዚህ ቀይረህ ጨርስ አለችኝ። ቁጥሩ ከወቀሳው ጋር ስለተስማማ የ15 ጸሐፊ ወዲያው ደገፋት።

ምላሽ 18. የቤተ መጻሕፍቷ ባለሙያ ይህንንም አላሳለፈችም፤ እኔም ያከበርኳት በዚህ ነው። ያ ሥራ 38 ጥናቶችን ሰብስቦ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ለይቶ ቆጥሯል። መድኃኒቱን ከታዘዘው ውጪ መጠቀም በአማካይ ከ21 እስከ 29 በመቶ ነው፤ ሱስ ደግሞ ከ8 እስከ 12 በመቶ ነው። ከታዘዘለት አንድ ፍሬ ጨምሮ የወሰደ ሰው በመጀመሪያው ቁጥር ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ሱሰኛ ነው ማለት ግን አይደለም። ከአራት አንዱ የሚለው የተወሰደው ከመጀመሪያው ነው፤ ሱስ የሚለው ስም የመጣው ከሁለተኛው ነው። ስለዚህ የ1980ውን ደብዳቤ ያጣመመው እጅ በተቃራኒው አቅጣጫ እዚህም ሠርቷል አለች። ጥናቶቹ ሱስን የለኩበት መንገድ እርስ በርስ ስለሚለያይም ከ8 እስከ 12 የሚለው ራሱ በጥንቃቄ መነገር እንዳለበት አከለች።

የ17 ጸሐፊ ሥራውን መልሳ ተመልክታ አመሰገነቻት። የ15 ጸሐፊ ግን ዝም አለ።

ምላሽ 19. ውይይቱ ትንሽ ወጣ አለ። አንዱ ስለ ስፒናች አነሣ፤ ስፒናች በብረት ማዕድን የበለጸገ ነው የሚባለው የአሥርዮሽ ነጥብ በስሕተት ስለተዘዋወረ ነው የሚለውን ታሪክ። ሌላው ተቀብሎ ታሪኩ ራሱ ምንጭ አልባ መሆኑን ጠቆመ። በ1981 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ አንድ ጽሑፍ ያለ አንዳች ዋቢ ጻፈው፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ስሕተት ጥንቃቄ የሚያስተምሩ ጽሑፎች እየተቀባበሉ ይደግሙታል። ርእሱን ለሌላ ቀን አቆየነው።

ምላሽ 20. የ1 ጸሐፊ ተመለሰ፤ አሁን ጥያቄው ገብቶታል። ሙሉ ጽሑፉን ማግኘት የማይችል፣ አኅጽሮተ ጥናቱን ብቻ የሚያገኝ ሰው ምን ያድርግ ሲል ጠየቀ።

ምላሽ 21. የመለሰችው የእርሻ ተመራማሪዋ ናት። እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ አኅጽሮተ ጥናት የለውም፤ ስለዚህ ወደ ምንጩ ያልሄደ ጠቃሽ በመረጃ ቋት ውስጥ ያገኘው ርእሱን ብቻ ነው። ርእሱ ደግሞ በናርኮቲክ በሚታከሙ ሕሙማን ላይ ሱስ ብርቅ ነው የሚል ነው። ሆስፒታል የሚል የለበትም፤ የሱስ ታሪክ የሚልም የለበትም። የጠፉት ሁለት ድንበሮች በትክክል ርእሱ ላይ የሌሉት ሁለቱ ናቸው። እኔ የማርመው ዓረፍተ ነገር ርእሱን እንጂ ደብዳቤውን እንደማይመስል አሳየችን። ዋቢ የሚያመሳክር ሰው ዓረፍተ ነገሩን ከርእሱ ጋር ቢያስተያየው፣ ጠቃሹ እስከ የት ድረስ እንዳነበበ ሊገምት ይችላል አለች። ሙሉ ጽሑፉ ካልተገኘ ደግሞ ዋቢውን ከማድረግ ዓረፍተ ነገሩን መተው ይሻላል ባይ ናት።

ይህ ምላሽ በውይይቱ ውስጥ ካገኘኋቸው ሁሉ የበለጠ የሚሠራ ሆኖልኛል። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ካሉት ሌሎች ዋቢዎች አንዳንዶቹን በዚህ መንገድ አይቼ ሁለቱን ምልክት አድርጌባቸዋለሁ።

ምላሽ 22. ዓረፍተ ነገሩን እንዴት እንደቀየርኩት ለተሳታፊዎቹ አቀረብኩ። የቀድሞው በጥናት ተረጋግጧል ይል ነበር፤ አዲሱ ምንጩ በ1980 የወጣ አጭር ደብዳቤ መሆኑን ይናገራል። የተመዘገቡት ሕሙማን ሆስፒታል የተኙ መሆናቸውን፣ ቢያንስ አንድ ናርኮቲክ ከተሰጣቸው 11,882 ሰዎች ውስጥ፣ ቀድሞ የሱስ ታሪክ ባልነበራቸው ላይ 4 የሱስ ሁኔታዎች መመዝገባቸውን ይገልጻል። ከሆስፒታል ውጪ ለረጅም ጊዜ ስለሚወስዱ ሰዎች ምንም እንደማይናገር ያክላል። መቶኛውን አወጣሁት። ለሥር የሰደደ ሕመም የ2015ቱን ሥራ፣ ሁለቱን ቁጥሮች ለያይቼ፣ በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር አስገባሁ።

ምላሽ 23. ኦዲተሩ መቶኛውን ማውጣቴን ተቀበለ፤ በ6 ላይ ስለ ላዕልና ታህት የተባለው እንዳሳመነው ጻፈ። ነገር ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ወደ አራት መስመር ማደጉ ከብዶታል። አንባቢ በዚህ ርዝመት አይዘልቅም፤ ደብዳቤውን ጨርሶ አውጥቼ የ2015ቱን ብቻ ባስቀር ምን እንደሚጎድል ጠየቀኝ።

ምላሽ 24. ሐኪሙ ደብዳቤው እንዲቆይ ጠየቁ። አንባቢው ከ1 በመቶ በታች የሚለውን በሌላ ቦታ ሰምቶት ይሆናል፤ ከየት እንደመጣና ወሰኑ የት እንደሆነ የሚያይበት ቦታ ያስፈልገዋል አሉ።

ምላሽ 25. የመድኃኒት ባለሙያው አንድ ቃል ያዘብኝ። ተመዝግቧል የሚለው ግልጽ አይደለም፤ አንባቢው ሁሉም ሕሙማን ስለ ሱስ ተመርምረው 4 ብቻ የተገኙ ሊመስለው ይችላል። ደብዳቤው ሱስ የተለየው በምን መመዘኛ እንደሆነ አይናገርም፤ የሚለው በመዝገብ ላይ በአግባቡ ሰፍሮ የተገኘውን ብቻ ነው። ስለዚህ መዝገብ ላይ የተገኙ የሚለው እንዲገባ ሐሳብ አቀረበ። የቤተ መጻሕፍቷ ባለሙያ ደገፈችው፤ ኦዲተሩ ዓረፍተ ነገሩ ይበልጥ እንደሚረዝም ተቃወመ። ቃሉን አስገብቼዋለሁ፤ ደብዳቤው ይቆይ ወይስ ይውጣ በሚለው ላይ ግን የጽሑፉን ባለቤት መልስ እየጠበቅሁ ነው።